ሠላሳ ሁለት ምን?

አናጢውን ሸረፈዲንን ሁለት ጊዜ አሳስሬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የጻፍኩት ቁጥር ትክክል ነበር። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ትክክለኛ ቁጥር ሰው ሊያሳስር እንደሚችል ማንም አላስተማረኝም ነበርና ለሌላው ይጥቀም ብዬ ነው።

ጊዜው ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ስሜ ጉግሳ ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ዳዋ አየር ማረፊያ የአየር ሁኔታ ተመልካች ሆኜ ተልኬ፣ በየሰዓቱ ከክፍላችን እየወጣሁ ሙቀት አነባለሁ፣ ደመና እመለከታለሁ፣ በምሰሶው ጫፍ የመለኪያውን ኩባያዎች የሚያሽከረክረውን ነፋስ እመዘግባለሁ። አለቃዬ አቶ በዛብህ ነበሩ። በዚያ ሙቀት የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ከፍተው አያውቁም። መዝገባቸው ስርዝ ድልዝ የለውም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቁጥር አልተፋቀም። እንግዳ ሲመጣ ውሃ ሳይጋበዝ መዝገቡ ይገለጥለታል።

የነፋሱ መለኪያ የሚናገረው በኖት ነበር። ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፤ የባሕር ማይል ደግሞ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሁለት ሜትር። ከአለቃዬ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ ባሕር አይቶ የሚያውቅ በክፍላችን አልነበረም፤ ግን አብራሪዎች በዓለም ሁሉ በኖት ስለሚነጋገሩ እኛም በሚቃጠለው የድሬ አሸዋ ላይ ቆመን በባሕር ማይል እንለካ ነበር። ሁላችንም ስለምናውቀው ቃሉን አንጠራውም። «ነፋስ?» ይላሉ አቶ በዛብህ። «አሥራ ስምንት» እላለሁ። አለቀ።

በየማለዳው ዘበኛው በብስክሌት ወደ ከዚራ ሰፈር አንድ ብጣሽ ወረቀት ያደርሳል። እዚያ ነጋዴዎች የሚያሳትሟት «የድሬ ጠዋት» የምትባል ባለ አንድ ገጽ ጋዜጣ ነበረች። የባቡር መድረሻ ሰዓት፣ የሠርግ ማስታወቂያ፣ ከታች ደግሞ የእኛ ሙቀትና ነፋስ። እኛ ቁጥሩን እንልካለን፣ አታሚው ያትማል። እውነቱን ለመናገር አንዳችንም ጋዜጣዋን ገልጠን አይተን አናውቅም። የምትለውን እኛ ቀድመን እናውቀዋለን፣ ለምን እናያለን?

በግንቦት መጀመሪያ ሸረፈዲን መጣ። አንድ ሚኒስትር በባቡር ሊመጡ ስለሆነ የአቀባበል ኮሚቴው በባቡር ጣቢያው ፊት ከእንጨትና ከሸራ ትልቅ በር እንዲሠራ አዞታል። እንደ አዲስ አበባ ልጅ «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልታዘዝዎ?» ብዬ ተነሣሁ። ሳቀብኝ።

«አቦ፣ ድሬ ላይ እርስዎ የለም! ሸረፈዲን በለኝ። አንተ፣ እዚህ አገር ከነፈሰው ነፋስ ትልቁ ስንት ነው? ወረቀት ላይ ጻፈው። ማኅተም አድርግበት፣ ኋላ ጣጣ አልፈልግም።»

ጠንቃቃነቱን ወደድኩለት። መዝገቡን አገላብጬ «34» ብዬ ጻፍኩ። ማኅተም አደረግኩበት። አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ሸረፈዲን እንደ ሌላው አናጢ ነቅንቆ «ጠንካራ ነው» የሚል ሰው አልነበረም። ለበሩ ከሚሠራቸው ሰሌዳዎች አንዱን አስቀድሞ ሠርቶ የወዳጁ የሾፌሩ የሱሌማን የጭነት መኪና ላይ አቆመው፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ በሺኒሌ ሜዳ ላይ ሱሌማንን «ንዳ!» አለው። መኪና በሃምሳ ሲሮጥ ሰሌዳውን የሚመታው ነፋስ ሃምሳ ነው። ይህን የነገረው መሐንዲስ የለም፤ ከዕቃ ጋር ከላይ ተቀምጦ ሲጓዝ ፊቱ ነግሮታል። የድሬ ትልቁ ነፋስ ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር ነው፣ እኔ ለጥንቃቄ ሃምሳ አደርገዋለሁ አለ። በሃምሳ ሰሌዳው ንቅንቅ አላለም። ሌሎቹንም በዚያው ልክ ሠራቸው።

በሩ ላይ ሦስት ሰሌዳ ተሰቀለ። በአንዱ «እንኳን»፣ በመካከለኛው «ደህና»፣ በሦስተኛው «መጡ» ተጻፈ። ሚኒስትሩ በመጡበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ባቡሩ ቆሞ፣ ሚኒስትሩ ከፉርጎው አንድ እግራቸውን አውርደው ሳሉ፣ «ደህና» ከነፍሬሙ ተነቅሎ በማርሽ ባንዱ ከበሮ ላይ ወረደ። ከበሮ መቺው ትከሻውን ተላጠ፣ ሌላ የተጎዳ የለም። ነገር ግን በሩ ላይ የቀረው «እንኳን መጡ» ብቻ ነበር። ሚኒስትሩ ቀና ብለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ኮሚቴውን ያስደነገጠው ይህ ነው። ከሦስት ቃል መካከል ለሚኒስትሩ የተመኙላቸው ደህንነት ብቻ መውደቁን እንደ አጋጣሚ የሚያይ ሰው በኮሚቴው ውስጥ አልተገኘም። ሸረፈዲን ማታውኑ ታሰረ።

እኔ ግን በክፍሌ ተቀምጬ በዘጠኝ ሰዓት «ነፋስ 32» ብዬ ጻፍኩ። ቆንጆ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

በሳምንቱ የሸረፈዲን ሚስት ሃዎ መጣች። ከእስር ቤት ምግብ አድርሳ መመለሷ ነው፤ ባዶ ሳህኑ በእጇ ነበር። አቶ በዛብህ መዝገባቸው ላይ አጎንብሰዋል።

«ነፋስ ሰፋሪው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ወረቀትህ ባሌን ሊያስበላው ነው። ፖሊስ ፊት አወጣው። እነሱ ደግሞ ምን ይሉታል? ትልቁ ነፋስ ሠላሳ አራት ነው ተብለሃል፣ በሃምሳ ፈትኜዋለሁ ብለሃል፣ በሠላሳ ሁለት ወደቀ፤ እንግዲህ ሆን ብለህ ነው ያላላኸው ይሉታል። ወላሂ፣ ሸረፈዲን የላላ ምስማር መትቶ አያውቅም! ይኸው፣ ጋዜጣው ራሱ ሠላሳ ሁለት ይላል።»

ሳህኑን የጠቀለለችበትን «የድሬ ጠዋት» ዘረጋችልኝ። ከታች ጥግ ላይ፣ የወጥ ቅባት በነካው ቦታ፣ «ነፋስ 32 ኪ.ሜ. በሰዓት» ይላል።

ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር አልነበረም። ሠላሳ ሁለት ኖት ነው፣ በአንድ ነጥብ ስምንት አምስት ሁለት ሲባዛ ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሰዓት። በማኅተም የሰጠሁት ሠላሳ አራትም ስድሳ ሦስት ነበር። ነገሩ ኋላ ተጣራ። አታሚው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከቁጥሩ ጎን «ኪ.ሜ. በሰዓት» የሚለውን ፊደል ለቅሞ አሰረው፤ ከተማው የባቡር ከተማ ነው፣ ሰዉ የሚያውቀው ኪሎ ሜትር ነው፣ ምን ሊጽፍ ኖሯል? ከዚያ ወዲህ የሚለውጠው ቁጥሩን ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የድሬ ዳዋ ሕዝብ ከሚነፍስበት ነፋስ ግማሹን ያህል እየተነገረው ኖሯል። ከአብራሪዎች አንድም የተሳሳተ የለም። የተሳሳተው በእግሩ የሚሄደው ነው።

ሃዎ ስትሄድ ለአቶ በዛብህ ነገርኳቸው። ጋዜጣዋን በሁለት ጣት ይዘው ተመለከቱ።

«የእኛ መዝገብ ትክክል ነው» አሉ።

«ትክክል ነው ጌታዬ። ግን ሰውየው ታስሯል።»

«ትክክል የሆነ መዝገብ ይዘህ ፍርድ ቤት ምን ትሠራለህ? ዘጠኝ ዓመት ተሳሳቱ ልታስብለኝ ነው የምትፈልገው?»

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ለዚህ ዝምታ ዛሬም አፍራለሁ። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ነበር፣ ስለ ጠባዬ የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው። በአራተኛው ቀን ሃዎ ሳህኗን ይዛ በአጥራችን በኩል ስታልፍ አየኋት። ቀና ብላ ኩባያዎቹን አየች እንጂ እኔን አላየችኝም። በማግስቱ ችሎት ስለነበር ሄድኩ።

ዳኛው ፊታውራሪ ሀብተ ማርያም ከባርኔጣቸው የማይለዩ፣ ግራጫ ባርኔጣቸውንም ከጠረጴዛው ላይ ከሕጉ መጽሐፍ ጎን የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። የተናገርኩትን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «በዚያን ቀን የነፈሰው አንድ ነፋስ ነው ወይስ ሁለት?»

«አንድ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ እንዴት ሠላሳ ሁለትም ሃምሳ ዘጠኝም ይሆናል? ሁለት ቃል የሚሰጥ ምስክር ብዙ አይቻለሁ፣ ሁለት ቃል የሚሰጥ ነፋስ ግን ዛሬ ገና ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ሸረፈዲን ብቻ አልሳቀም። ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ እጁን አነሣ። «ጌታዬ፣ ያ የፈተንኩት ሰሌዳ ቤቴ አለ። የሱሌማን መኪናም አለ። ልጁ መለኪያውን ይያዝ፣ እርስዎ ጋቢና ይቀመጡና በዓይንዎ ይዩት።»

ፊታውራሪ ባርኔጣቸውን አነሡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር በዓይናቸው እንዲያዩ መጋበዛቸው ደስ አሰኝቷቸዋል መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በሺኒሌ ሜዳ ተገናኘን። ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ መለኪያዬ ዜሮ ይላል፤ መኪናው የሚፈጥረው ነፋስ ብቻ እንዲለካ ማለዳውን የመረጥነው ለዚህ ነው። ሱሌማን መሪውን ያዘ፣ ዳኛው ከጎኑ ተቀመጡ፣ መስኮቱን ከፍተው ክርናቸውን አወጡ። አንድ ፖሊስ ሸረፈዲንን ይዞ፣ እኔም የእጅ መለኪያዬን ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ዘርግቼ፣ ከሰሌዳው ጋር ከኋላ ወጣን። አቶ በዛብህ ደግሞ ሳይጠሩ መጥተው በመንገዱ ዳር ቆመው ነበር፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ እንደ ተዘጋ።

«ሃምሳ ላይ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ሱሌማን።

«ሃያ ሰባት!» አልኩ ከላይ።

ዳኛው አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡ። «ስንት አልክ?»

«ሃያ ሰባት ጌታዬ! በኖት!»

ወደ ውስጥ ተመልሰው የመኪናውን መቁጠሪያ አዩ፣ እንደገና ወጥተው እኔን አዩ። ሰሌዳው ንቅንቅ አላለም። ሸረፈዲን እጁን በፍሬሙ ላይ አድርጎ እንደ ፈረስ ያባብለዋል።

«ጨምር!» አሉ ዳኛው።

መኪናው ተንገጫገጨ። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። ፍሬሙ መጮህ ጀመረ።

«ስድሳ ልገባ ነው!» አለ ሱሌማን።

«ሠላሳ ሁለት!» አልኩ፣ ሳልጨርሰው ሸራው በረጅሙ ተተረተረ፣ የላይኛው እንጨት ተገንጥሎ ከኋላችን አቧራ ውስጥ ተንከባለለ። በዚያው ቅጽበት የፊታውራሪ ባርኔጣ በመስኮቱ ወጥቶ ወደ ሺኒሌ ግመሎች ሄደ። ፖሊሱ ዘሎ ሊያመጣው ተነሥቶ ነበር፤ እስረኛውን ትቶ መውረድ ስለሚሆንበት ግን ተመልሶ ተቀመጠ። ባርኔጣው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ብይኑ አጭር ነበር። ሰውየው በተነገረው ልክ፣ ከተነገረውም አብልጦ ሠርቷል፣ ይለቀቅ። ከዚያ ዳኛው እኔንና አቶ በዛብህን ተራ በተራ ተመለከቱን፤ ራሳቸው ላይ ባርኔጣ ስላልነበረ የበለጠ የተቆጡ ይመስላሉ። «ይህ የቁጥር ነገር ከነገ ጀምሮ ይስተካከል!» አሉ። ማን ያስተካክል አላሉም።

ሸረፈዲን አቅፎ ሳመኝ። «ያንን ማባዣ ንገረኝ» አለኝ፤ አንድ ነጥብ ስምንት አምስት ሁለት ብዬ በመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በእርሳስ ጻፍኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖት ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀይር ከእኔ ይፈጥን ነበር። እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

አቶ በዛብህ አኮረፉኝ። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ክፍል ተቀምጠን የተነጋገርነው በመዝገቡ ብቻ ነው፤ «ነፋስ?» እንኳ ማለት ትተው በዓይናቸው ይጠይቁኝ ነበር። በኋላ ታረቅን፣ ያንን ነገር ዳግመኛ ላናነሣ። የዳኛውን ትእዛዝ ግን ከማግስቱ ጀምሮ በታማኝነት ፈጽሜያለሁ። ለአብራሪዎች በኖት፣ ለጋዜጣዋ ግን በየማለዳው አባዝቼ በኪሎ ሜትር መላክ ጀመርኩ። ሃያ ከሆነ ሠላሳ ሰባት ብዬ እጽፋለሁ። ቁጥሩን ብቻ፣ ኪሎ ሜትርነቱ እንደሆነ እዚያው ታትሞ አለ።

በከተማው ወሬ ተነሣ። ከዚራ ውስጥ ሳልፍ «አንተ፣ ዘንድሮ ነፋሱ ምን ሆኗል?» ይሉኛል። «ነፋሱ ምንም አልሆነም፣ እናንተ ትንሽ ቁጥር ለምዳችሁ ነው» እያልኩ በትዕቢት አስረዳ ነበር።

በዓመቱ ሌላ ሚኒስትር ሊመጡ ሆነ። ኮሚቴው ይቅርታ በሚመስል መንገድ ሥራውን ለሸረፈዲን ሰጠው፤ በዚህ ጊዜ የሚኒስትሩ ስም ጭምር ይጻፍ ተባለ። ሸረፈዲን ወደ እኔ አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ካንተ ማኅተም ጋር ተፋተናል አቦ! አሁን ራሴ አነባለሁ፣ ራሴ አባዛለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የተከለው በር እንደ በፊቱ አልነበረም። አሮጌ የባቡር ሐዲድ አቁሞ አንድ ሜትር ተኩል በሲሚንቶ ቀበረው። ፊደሎቹን ከብረት ቆርጦ በየዳቸው። ሱሌማን በመኪናው እንፈትነው ቢለው «መኪናህ መቶ ሃያ ይሮጣል?» አለው። ሱሌማን ቀልድ መስሎት ለሳምንት አወራው። ሚኒስትሩ መጡ፣ ነፋሱም መጣ፣ አንዲት ፊደል አልተንቀሳቀሰችም። ሸረፈዲን ተጨበጨበለት።

በሦስተኛው ሳምንት ሚኒስትሩ ከሥልጣን መሻራቸውን ሬዲዮ ተናገረ። ተተኪው በቅዳሜ ባቡር ይመጣሉና የተሻሩት ስም ቶሎ እንዲወርድ ታዘዘ። ሸረፈዲን ስምንት ሰው ይዞ ሁለት ቀን ደበደበው። ብረት መጋዝ አምስት ተሰበረ። የሱሌማን መኪና በሰንሰለት ሳበው፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ተተኪው ሚኒስትር ቅዳሜ ወርደው ቀና አሉና የተሻሩትን እንኳን ደህና መጡ የሚል በር አነበቡ። ሸረፈዲን ማታውኑ ታሰረ። ያኔ ስለ ወደቀ፣ አሁን ስላልወደቀ።

ሰኞ ጠዋት ሃዎ መጣች። በዚህ ጊዜ ሳህን አልያዘችም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተቀመጠ አንድ «የድሬ ጠዋት» ነበር የያዘችው፤ ሸረፈዲን ትልቁን ነፋስ ያገኘበት። በጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በአቶ በዛብህ መካከል ዘረጋችው።

«ይህ ሃምሳ ስድስት ምን ነው?»

«ኪሎ ሜትር» አልኩ ሳላይ። «ሠላሳ ኖት ነበር፣ አባዝቼ ሃምሳ ስድስት…»

«አንብበው አንተ!»

አነበብኩት። «ነፋስ 56 ኖት» ይላል።

ቀና ስል አቶ በዛብህ የአንገታቸውን ቁልፍ ሲፈቱ አየሁ። በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ችሎቱ የተነሣ ዕለት ማታ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔው ራሴ አታሚው ዘንድ ሄድኩ። የእኛ ቁጥር ኖት ነው፣ ኪሎ ሜትር የሚለውን አንሣ አልኩት። አነሣው። አንተ… አንተ ታባዛ ነበር?»

«አባዛ ነበር ጌታዬ። ለምን አልነገሩኝም?»

«አኩርፌህ ነበር እኮ።»

አንድ ስህተት ነበር፤ ሁለታችንም በአንድ ሌሊት ልዩነት አስተካክለነው ተመልሶ ስህተት ሆነ። ሸረፈዲን የተባዛውን ሃምሳ ስድስት እንደገና አባዝቶ መቶ አራት አገኘ፣ እንደ ጠባዩ ለጥንቃቄ መቶ ሃያ አደረገው። አንዲትም ስሌት አልሳተም። ማባዣውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ሳቅ መጣብኝ፣ በሃዎ ፊት መሳቅ ግን አልችልም።

«በሉ፣ ተነሡ» አለች። «በዚህ ጊዜ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ዳኛው ያው ፊታውራሪ ነው፣ አዲስ ባርኔጣ ገዝቷል።»

መዝገቡን ይዘን ተነሣን። ከዚራ ስንደርስ በሸረፈዲን በር ሥር አለፍን። ነፋስ ተነሥቶ የዛፎቹን ቅጠል ያራግፋል፤ በሩ ግን እንደ ተራራ ቆሟል። ሃዎ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ሐዲዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ የኮራችበት ይመስላል።

«አሁን የሚነፍሰው ስንት ይሆናል?» አለች።

አቶ በዛብህ ቀና ብለው ቅጠሎቹን አዩ፤ አሥር ዓመት የሠሩበት ዓይን ነው፣ መለኪያ አያስፈልገውም።

«አሥራ አምስት» አሉ።

ሃዎ ቆመች። ዞራ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን።

«አሥራ አምስት ምን?»